ሦስቱ የትኩረት መረቦች እና አምስቱ ቀስቶች

አንዱ ዙር የሚፈጀው አራት ሰከንድ ብቻ ነው። ተሳታፊው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። ስክሪኑ መሐል ላይ ትንሽ የመደመር ምልክት አለ፤ ዓይኑን ከዚያ እንዳያነሣ ተነግሮታል። የግራ ጣቱ በአንድ ቁልፍ፣ የቀኝ ጣቱ በሌላ ቁልፍ ላይ ዐርፏል። ድንገት አንዲት ኮከብ ብልጭ ብላ ትጠፋለች። ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ ከመደመር ምልክቱ በላይ ወይም በታች አምስት ቀስቶች በአንድ ረድፍ ይደረደራሉ። ጥያቄው አንድ ነው፦ የመሐለኛው ቀስት ወደ ግራ ያመለክታል ወይስ ወደ ቀኝ? ተሳታፊው ቁልፉን ይጫናል፣ ቀስቶቹ ይጠፋሉ፣ የሚቀጥለው ዙር ይጀምራል።

ይህ ለተመልካች አሰልቺ የሚመስል ሥራ 288 ጊዜ ሲደጋገም ስለ ሰው አእምሮ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይናገራል። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤኤንቲ የሚባለው ይህ የትኩረት መረቦች ፈተና እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሞ ወጣ። ያዘጋጁት ጂን ፋን፣ ብሩስ ማካንድሊስ፣ ቶቢያስ ዞመር፣ አሚር ራዝ እና ማይክል ፖስነር ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከሕፃናት እስከ አረጋውያን፣ ከጤነኞች እስከ አእምሮ ሕሙማን፣ በብዙ አገሮች በሚገኙ ቤተ ሙከራዎች ሲሠራበት ቆይቷል።

የፈተናው መነሻ ሐሳብ ግን ከዚያ ይቀድማል። አስተማሪ ስለ ተማሪው «ትኩረት የለውም» ሲል አንድ ነገር የጎደለ ያስመስላል። ፖስነር ከስቲቨን ፒተርሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ሰፊ ጽሑፍ ግን ትኩረት አንድ ነገር እንዳልሆነ ተከራከረ። በአእምሮ ውስጥ በተለያየ ቦታ የተዘረጉ ሦስት መረቦች አሉ፤ ሥራቸውም ይለያያል አለ። አንደኛው ሰውን ነቅቶ እንዲጠብቅ የሚያዘጋጀው የንቃት መረብ ነው። ሁለተኛው ከብዙ ነገር መካከል አንዱን ቦታ ወይም አንዱን ድምፅ መርጦ ወደዚያ የሚያዞረው የአቅጣጫ መረብ ነው። ሦስተኛው እርስ በርስ የሚጋጩ ነገሮች ሲመጡ ትክክለኛውን ለይቶ ሌላውን የሚያፍነው የቁጥጥር መረብ ነው።

ይህን ማለት ቀላል ነው። ከባዱ ሦስቱን ለያይቶ መለካት ነው፤ ምክንያቱም በኑሮ ውስጥ ሦስቱም አንድ ላይ ነው የሚሠሩት። መንገድ የሚያቋርጥ ሰው የጥሩምባ ድምፅ ሲሰማ ይነቃል፣ መኪናው ወደሚመጣበት ይዞራል፣ ወደ ፊት ሊራመድ ያነሣውን እግርም ይገታል። ሁሉም ነገር ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ያልቃል። ከመንገዱ ዳር ሆኖ የሚያይ ሰው የትኛው ሥራ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ ሊለይ አይችልም። ፖስነርና ባልደረቦቹ ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ፍንጭ መስጠት ነው፦ ዒላማው ከመምጣቱ በፊት ለተሳታፊው ትንሽ ነገር አሳይቶ፣ ያ ነገር ምን ያህል ጊዜ እንደቆጠበለት ወይም እንዳባከነበት መመልከት።

የዚህ ዘዴ ሥር ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ይዘልቃል። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ፎን ሄልምሆልትስ በጨለማ ሣጥን ውስጥ ፊደላት የተጻፉበት ወረቀት አስቀምጦ ነበር። ዓይኑን በአንዲት የብርሃን ነጥብ ላይ ተክሎ፣ ልቡን ግን አስቀድሞ ወደ መረጠው ጥግ ያዞራል። ከዚያ ወረቀቱ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ለቅጽበት ይበራል። ብልጭታው ዓይን ለመንቀሳቀስ እንኳ ጊዜ የማይሰጥ ነው። ሄልምሆልትስ ማንበብ የቻለው ልቡን ያዞረበትን ጥግ ፊደላት ነበር፤ የቀሩት አመለጡት። ዓይን በአንድ ቦታ፣ ትኩረት በሌላ ቦታ ሊሆኑ እንደሚችሉ ይህ ሙከራ አሳየ።

ፖስነር በዩናይትድ ስቴትስ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ መጨረሻ ያደረገው ይህንኑ በሰዓት መለካት ነው። ተሳታፊው መሐል ላይ ያያል። በግራና በቀኝ ዒላማ ሊታይ የሚችልባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። መሐል ላይ ቀስት ይመጣና አንዱን ጎን ይጠቁማል። ከአሥሩ ጊዜ ስምንቱን ቀስቱ እውነት ይናገራል፤ ሁለቱን ግን ዒላማው የሚመጣው በተቃራኒው ጎን ነው። አንዳንዴም ቀስቱ ቀርቶ ምንም የማይጠቁም ምልክት ይታያል። ዓይናቸውን ያንቀሳቀሱባቸው ዙሮች ከሒሳቡ ተወግደው እንኳ ተሳታፊዎቹ በእውነተኛው ፍንጭ ፈጠኑ፣ በሐሰተኛው ዘገዩ፣ በገለልተኛው ምልክት መካከለኛ ሆኑ። ልዩነቱ ጥቂት አሥር ሚሊሰከንዶች ነው። አንድ ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው፤ ሰው ራሱ አይሰማውም፣ መሣሪያው ግን ይይዘዋል።

ቀላሉ ሙከራ ጉልበቱን ያሳየው በታመሙ ሰዎች ላይ ነው። ስትሮክ አንዳንዴ የአእምሮን የኋላና የላይኛውን ጎን፣ ፓራይታል የሚባለውን ክፍል ይጎዳል። በተለይ የቀኙ ጎን ሲጎዳ ሕመምተኛው የግራውን ዓለም የተወ ይመስላል። ከሳህኑ የግራውን ግማሽ ምግብ ሳይነካ ይነሣል፣ የፊቱን ግራ ጎን ሳይላጭ ይወጣል። ዓይኑ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ፖስነር ከጆን ዎከር፣ ከፍራንሲስ ፍሪድሪክና ከሮበርት ራፋል ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 በፓራይታል ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች በፍንጭ ሙከራው ፈተነ። ውጤቱ ማንም በቀላሉ የሚገምተው አልነበረም።

ፍንጩ በተጎዳው አቅጣጫ ሲሰጣቸው ሕመምተኞቹ ከሞላ ጎደል ደኅና ሠሩ፤ ወደዚያ መዞር አላቃታቸውም። እጅግ የዘገዩት ፍንጩ ወደ ደኅናው ጎን ወስዷቸው ዒላማው በተጎዳው ጎን ሲመጣ ነው። ስለዚህ ያቃታቸው መዞር ሳይሆን ከያዙት ነገር መላቀቅ ነው ተባለ። ቁልፍ የሚያስጭን ጨዋታ መሳይ ሙከራ በአንድ ሥራ ውስጥ ያለን አንድ ደረጃ ነጥሎ አወጣ፤ መላቀቅ ለብቻው ሊጎዳ የሚችል ሥራ መሆኑ ታወቀ። በዚህ ጸሐፊ እምነት የፍንጭ ሙከራዎች ያስገኙት ትልቁ ውጤት ይህ ነው።

ግጭትን የሚለካው ሌላው ግማሽ የመጣው ከሌላ ቤተ ሙከራ ነው። ባርባራና ቻርልስ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አንድን ፊደል በሌሎች ፊደላት አጅበው ለሰዎች አሳዩ። መልስ የሚሰጠው ለመሐለኛው ብቻ ነው፤ አጃቢዎቹ ግን ሌላ መልስ የሚያስጠሩ ሲሆኑ ሰው ይዘገያል። ኤኤንቲ ፊደላቱን በቀስት ተካ። ቀስት ማንበብ አይጠይቅም፤ የላቲን ፊደል የሚያነብም፣ የግዕዝ ፊደል የሚያነብም፣ ጭራሽ ፊደል ያልቆጠረም ሰው ቢሆን ወዴት እንደሚያመለክት ያውቃል። ፈተናው ከአገር አገር በቀላሉ የተሻገረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ አራቱ ሰከንዶች እንመለስ። ዙሩ ሲጀምር የመደመር ምልክቱ ብቻ ይታያል፤ ከ400 እስከ 1600 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ርዝመቱ በየዙሩ የሚለዋወጠው ተሳታፊው ምቱን ለምዶ አስቀድሞ እንዳይጫን ነው። ከዚያ ፍንጩ ለ100 ሚሊሰከንድ ይታያል። ከፍንጩ በኋላ የ400 ሚሊሰከንድ ዝምታ አለ። ከዚያ ቀስቶቹ ይመጣሉ፤ መልስ እስኪሰጥ፣ ቢበዛ ለ1700 ሚሊሰከንድ ይቆያሉ። የሚመጡበት ቦታ ከመሐሉ በላይ ወይም በታች አንድ ዲግሪ ገደማ ነው፤ እጅን ዘርግቶ ትንሿን ጣት ቢያዩአት የምትሸፍነው ስፋት ማለት ነው።

ፍንጩ አራት ዓይነት ነው። አንዳንዴ ጭራሽ አይሰጥም። አንዳንዴ ኮከቡ መሐል፣ በመደመር ምልክቱ ቦታ ላይ ይበራል። አንዳንዴ ሁለት ኮከቦች ከላይና ከታች አንድ ላይ ይበራሉ። አንዳንዴ ደግሞ አንዲት ኮከብ ቀስቶቹ በሚመጡበት ቦታ ላይ ትበራለች፤ ይህች የቦታ ፍንጭ ፈጽሞ አትዋሽም። ቀስቶቹም በሦስት ዓይነት ይመጣሉ፦ አጃቢዎቹ ከመሐለኛው ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለከቱ፣ በተቃራኒው ያመለከቱ፣ ወይም ቀስትነት የሌላቸው ተራ መስመሮች። አራት ፍንጭ በሦስት አጃቢ ሲባዛ 12 ዓይነት ሁኔታ ይሆናል። በ288 ዙሮች ውስጥ እያንዳንዱ ሁኔታ 24 ጊዜ ይደርሳል።

ሒሳቡ ሁሉ መቀነስ ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ የማይረጋጋ ሕፃን ሲመዘን እናቱ ሕፃኑን ታቅፋ ሚዛን ላይ ትወጣለች፣ ከዚያ ብቻዋን ትወጣለች፤ ልዩነቱ የሕፃኑ ክብደት ነው። ኤኤንቲም መረቡን በቀጥታ አይመዝንም። ከአንድ ነገር በቀር በሁሉም የሚመሳሰሉ ሁለት ሁኔታዎችን ወስዶ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል።

የአንድ ተሳታፊን ውጤት ለምሳሌ ያህል እንሥራ። ፍንጭ ባልተሰጠባቸው 72 ዙሮች አማካይ ፍጥነቱ 560 ሚሊሰከንድ፣ ሁለት ኮከብ በበራባቸው 72 ዙሮች ደግሞ 515 ሚሊሰከንድ ነው እንበል። ሁለቱ ኮከቦች ቀስቶቹ ከላይ ይሁን ከታች እንደሚመጡ አይናገሩም። የሚናገሩት «አሁን ይመጣል» ብቻ ነው። ስለዚህ የተቆጠበው 45 ሚሊሰከንድ የንቃት ውጤት ተብሎ ይመዘገባል። መሐል ላይ በበራው ኮከብ አማካዩ 520፣ በቦታ ፍንጭ ደግሞ 470 ነው እንበል። ሁለቱም አንድ አንድ ኮከብ ናቸው፣ ሁለቱም እኩል ያነቃሉ፤ ቦታ የሚናገረው ግን አንዱ ብቻ ነው። ስንቀንስ ንቃቱ ከሁለቱም ወገን ይጣፋና 50 ሚሊሰከንድ የአቅጣጫ ውጤት ይቀራል። በመጨረሻ ፍንጩ ምንም ዓይነት ይሁን፣ አጃቢዎቹ ሲቃረኑ 575፣ ሲስማሙ 488 ከሆነ 87 ሚሊሰከንድ የግጭት ዋጋ ነው፤ የቁጥጥር መረቡ የሚለካበት ቁጥር ይህ ነው።

እነዚህ የምሳሌ ቁጥሮች ከእውነቱ የራቁ አይደሉም። በ2002ቱ ጥናት በ40 ጎልማሶች ላይ የተገኘው አማካይ ውጤት ለንቃት 47፣ ለአቅጣጫ 51፣ ለቁጥጥር 84 ሚሊሰከንድ ነበር። በዚያ ጥናት ሦስቱ ቁጥሮች እርስ በርስ ጉልህ ዝምድና አላሳዩም። በንቃት ትልቅ ውጤት ያለው ሰው በቁጥጥርም ትልቅ ይሆናል ማለት አልተቻለም። ሦስት የተለያዩ መረቦች አሉ ለሚለው ሐሳብ ይህ ጥሩ ድጋፍ ነበር።

ሌላው ድጋፍ የመጣው ከአእምሮ ኬሚስትሪ ነው። የንቃት መረቡ በአእምሮ ግንድ ካለችው ሎከስ ሴሩለስ ከምትባል ትንሽ ማዕከል ከሚመነጨው ኖርኢፒነፍሪን ጋር ይያያዛል። የአቅጣጫው መረብ በፓራይታል ክፍልና ዓይንን በሚያንቀሳቅሱ የፊት ክፍሎች ይሠራል፤ አሴቲልኮሊን የሚባለው ንጥረ ነገርም ይነካዋል። የቁጥጥሩ መረብ ሁለቱ የአእምሮ ክፍሎች በሚገናኙበት የፊት መሐለኛ ቦታ ላይ ካለው አንቲሪየር ሲንጉሌትና ከፊተኛው ጎን አካባቢዎች ጋር የተቆራኘ ሲሆን ዶፓሚን በብዛት ይጠቀማል። ፋንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ተሳታፊዎችን በኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ይህንኑ ፈተና ሲሰጧቸው፣ ሦስቱ ስሌቶች ያስነሷቸው ቦታዎች በአብዛኛው የተለያዩ ሆነው ተገኙ።

በልጆች ላይ የታየው ደግሞ መረቦቹ በአንድ ፍጥነት እንደማያድጉ ነው። ሮዛሪዮ ሩዌዳና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ቀስቶቹን በዓሣ ለወጡ። ልጁ የመሐለኛውን ዓሣ ሊመግብ ወደሚዋኝበት አቅጣጫ ቁልፍ ይጫናል። ከስድስት ዓመት ጀምሮ ባሉ ልጆችና በጎልማሶች ላይ ሲታይ የአቅጣጫው ውጤት ብዙም አልተለወጠም። የግጭቱ ዋጋ ከስድስት ወደ ሰባት ዓመት ሲሄድ ቀነሰ፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ፈተና ጉልህ ለውጥ አላሳየም። የንቃት ውጤቱ ግን ከአሥር ዓመት ልጅ እስከ ጎልማሳ ድረስ ገና ይለዋወጥ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በልጆች የንቃት ቁጥሩ ከጎልማሶች ይበልጣል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ልጆች ንቁ ናቸው ሊል ይችላል። ነገሩ ሌላ ነው። ልጆች ፍንጭ ሳይሰጣቸው በጣም ይዘገያሉ፤ ያለ ማስጠንቀቂያ ራሳቸውን ዝግጁ አድርገው መቆየት ገና አልጠነከረላቸውም። ፍንጭ ሲመጣ ብዙ የሚቆጥቡት ያለ ፍንጭ ብዙ ስለሚያባክኑ ነው። አንድ ትልቅ ቁጥር ሁለት ተቃራኒ ምንጭ ሊኖረው ይችላል፦ በፍንጩ ጥሩ አድርጎ መጠቀም፣ ወይም ያለ ፍንጩ ደካማ መሆን። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ልዩነቱን ብቻ ሳይሆን ልዩነቱ የተሠራባቸውን ሁለቱን አማካዮች በማየት ነው። አማካዮቹን ሳይጠቅስ «የንቃት ውጤቱ ከፍ ብሏል» የሚል ዘገባ ግማሽ ዘገባ ነው።

የስሕተቶች ብዛትም አብሮ መታየት አለበት። ሰው በፍጥነት ለመጫን ብሎ ትክክለኛነትን ሊሠዋ ይችላል። አጃቢዎቹ ሲቃረኑ ከአሥር ሦስቱን የሚስት ተሳታፊ የግጭት ዋጋው ትንሽ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ቁጥሩ ያማረው ግን ግጭቱን ስላሸነፈ ሳይሆን ሳይጠብቅ ስለጫነ ነው።

ሌላም የተዘነጋ ገደብ አለ። ፍንጩ ከበራበት እስከ ቀስቶቹ መምጫ 500 ሚሊሰከንድ ያልፋል። ዓይን ለመንቀሳቀስ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ የዓይን መከታተያ ካልተገጠመ በቀር ተሳታፊው ትኩረቱን ብቻ አዞረ ወይስ ዓይኑንም አብሮ ላከ ለማለት አይቻልም። ከዚህም በላይ በመጀመሪያው ኤኤንቲ የቦታ ፍንጩ ሁልጊዜ እውነት ስለሚናገር፣ በ1984ቱ ሕመምተኞች ላይ የታየው የመላቀቅ ችግር እዚህ ጭራሽ አይለካም። ሐሰተኛ ፍንጭ የሌለበት ፈተና ከተሳሳተ ቦታ መመለስን ሊፈትን አይችልም። ፋንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት የተሻሻለ ፈተና ሐሰተኛ ፍንጮችን የጨመሩት ለዚህ ነው።

መረቦቹ የተለያዩ ናቸው ማለት አይነጋገሩም ማለት አይደለም። በስፔን ግራናዳ ዩኒቨርሲቲ አሊሲያ ካዬሃስ፣ ሁዋን ሉፒያኔዝና ፒዮ ቱዴላ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ሥራ ንቃትንና አቅጣጫን በተለያዩ ፍንጮች ለዩ። ለንቃት ድምፅ፣ ለቦታ ደግሞ የሚታይ ፍንጭ ሰጡ። ድምፁ ሰዎችን በጥቅሉ አፈጠናቸው፤ ተቃራኒ አጃቢዎች ሲመጡ ግን የግጭቱን ዋጋ ከፍ አደረገው። መንቃት ሰውን ያቻኩላል፣ መቻኮል ደግሞ ለማጣራት የሚተርፈውን ጊዜ ይቀንሳል የሚለው አንዱ ማብራሪያ ነው። የቦታ ፍንጭ ሲሰጥ ደግሞ የግጭቱ ዋጋ ይቀንሳል፤ ትኩረቱ አስቀድሞ በትክክለኛው ቦታ ስላረፈ አጃቢዎቹ ብዙም አያውኩም።

ይህ ንግግር ለሕመምተኛ ምን ያህል ትርጉም እንዳለው ያሳየው ኢያን ሮበርትሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት ነው። የቀኝ አእምሯቸው ተጎድቶ ግራውን የሚዘነጉ ሰዎች በግራ በኩል የሚሆነውን ነገር ከቀኙ በአማካይ ግማሽ ሰከንድ ዘግይተው ያውቁ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከዚያ በፊት የማስጠንቀቂያ ድምፅ አሰሙ። ድምፁ ስለ ግራና ቀኝ ምንም አይናገርም፤ የሚያነቃ ብቻ ነው። ሆኖም መዘግየቱ ተስተካከለ። ለቅጽበትም ቢሆን የንቃት መረቡ ሲቀሰቀስ የአቅጣጫው መረብ ጉድለት ተሸፈነ።

ታዲያ አንድ ሰው ፈተናውን ወስዶ ሦስት ቁጥር ቢሰጠው ምን ያህል ሊያምነው ይገባል? እዚህ ላይ ወደ ሚዛኑ መመለስ ያስፈልጋል። ሚዛኑ የሚወዛወዝ ከሆነ የእናቲቱ ክብደት ላይ ብዙም ላያስቸግር ይችላል፤ በሕፃኑ ላይ ግን ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ አንዴ ታቅፋው ስትመዘን፣ አንዴ ብቻዋን ስትመዘን። የሰው ፍጥነትም ከዙር ዙር ይወዛወዛል። የምሳሌያችን ተሳታፊ መልሶች በየዙሩ በ100 ሚሊሰከንድ ገደማ ከአማካያቸው ወዲያና ወዲህ የሚሉ ከሆነ፣ ከ72 ዙሮች የሚገኘው አማካይ የ12 ሚሊሰከንድ ያህል መዋዠቅ ይኖረዋል። ሁለት እንዲህ ያሉ አማካዮች ሲቀናነሱ መዋዠቁ ወደ 17 ያድጋል። በተለመደው የስታቲስቲክስ አነጋገር 45 የተባለው የንቃት ውጤት ከ12 እስከ 78 ባለው ክልል ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የግጭት ዋጋው ግን ከ96 ዙሮች ስለሚሠራና ራሱም ትልቅ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ይጸናል።

በተግባር የታየውም ይኸው ነው። በ2002ቱ ጥናት እነዚያው ሰዎች በድጋሚ ሲፈተኑ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ውጤት መካከል ያለው ዝምድና ለቁጥጥር 0.77፣ ለአቅጣጫ 0.61፣ ለንቃት 0.52 ነበር። አንድ ማለት ፍጹም መመሳሰል ነው። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ጄፈሪ ማክሊዮድና ባልደረቦቹ የብዙ ጥናቶችን መረጃ ሰብስበው ሲመረምሩ የንቃትና የአቅጣጫ ውጤቶች አስተማማኝነት ዝቅተኛ መሆኑን አረጋገጡ። ሦስቱ ውጤቶች መጀመሪያ እንደታሰበው ፈጽሞ ገለልተኛ እንዳልሆኑም አሳዩ።

ይህ ፈተናውን ከንቱ አያደርገውም። የ40 ሰዎች አማካይ ከሌሎች 40 ሰዎች አማካይ ጋር ሲወዳደር የየግለሰቡ መዋዠቅ በአብዛኛው ይጣፋል፤ ሁለት ቡድኖች፣ ሁለት መድኃኒቶች ወይም ሁለት ዕድሜዎች በየትኛው መረብ እንደሚለያዩ ለማወቅ ኤኤንቲ ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ለአንድ ሰው ፍርድ ለመስጠት ግን አልተሠራም፣ አይበቃምም። ዛሬ ፈተናው በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። ልጃቸውን አስፈትነው ቁጥር የተሰጣቸው ወላጆች ስንት ዙር እንደተሠራ፣ ስሕተቱ ስንት እንደሆነ፣ የእያንዳንዱ ሁኔታ አማካይ ስንት እንደሆነ፣ ልጁም ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር መወዳደሩን ይጠይቁ፤ ቢቻል በሌላ ቀን ይድገሙት። ኤዲኤችዲ በሚባለው የትኩረት ችግር የሚጠረጠር ልጅ የሚመረመረው በዚህ ፈተና አይደለም። ባለሙያ የልጁን ታሪክ ሰምቶ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም ለወራት የታየውን ጠባይ አጣርቶ ነው የሚወስነው።